ባርኮዱ 629፣ ጽሑፉ «ሜድ ኢን ኢንዲያ»፦ ከድሬዳዋ የተላከ አንድ ደብዳቤና ያወጣው ስህተት

ነገሩ የተነሳው ሐረር ውስጥ ካለ አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ነው። ቸርቻሪው ከድሬዳዋ በጅምላ ያመጣውን ፔርሙዝ ለደንበኛ ሲያሳይ፣ ደንበኛው ማሸጊያውን ገልብጦ ከባርኮዱ ሥር ያለውን ቁጥር አነበበ። ቁጥሩ በ629 ይጀምራል። ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ደግሞ «ሜድ ኢን ኢንዲያ» ተጽፏል። ደንበኛው ስልኩ ላይ ከሰው ሰው ሲተላለፍ የደረሰው የቁጥር ዝርዝር ነበረው፤ በዚያ ዝርዝር መሠረት 629 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነው። «ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው» ብሎ ዕቃውን ትቶ ወጣ። ቸርቻሪው በዚያው ቀን ድሬዳዋ ደውሎ የቀሩትን ፔርሙዞች እንደሚመልስ ተናገረ።

ስልኩን ያነሳው አስመጪ ፔርሙዙን የሚገዛው ዱባይ ከሚኖሩ ኢትዮጵያዊ አቅራቢ ነው። በዚያ ሳምንት ሁለተኛው ትዕዛዝ በዱባዩ ወደብ በጀበል ዓሊ መጋዘን ውስጥ ሆኖ መርከብ ይጠብቅ ነበር። 640 ካርቶን ነው፤ ባለ አንድ ሊትሩ 400 ካርቶን፣ በካርቶኑ 12 ፍሬ፣ በድምሩ 4,800፤ ባለ ግማሽ ሊትሩ 240 ካርቶን፣ በካርቶኑ 24 ፍሬ፣ በድምሩ 5,760። ክፍያው በካድ፣ ማለትም ሰነዱ በባንክ በኩል ሲቀርብ የሚከፈል፣ ስለሆነ አቅራቢው ሰነዶቹን ገና ለባንክ አላስገቡም። ይህ የጊዜ አጋጣሚ ለጉዳዩ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ዕቃው ጅቡቲ ደርሶ፣ የጉምሩክ መግለጫው፣ ዲክላራሲዮኑ፣ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ በኋላ የተገኘውን ስህተት ማረም እጅግ ይከብድ ነበር።

አስመጪው በመጀመሪያ የጻፈው የዋትሳፕ መልእክት አጭርና ቁጣ ያለበት ነበር፦ «ባርኮዱ የዱባይ ነው፣ ጽሑፉ የሕንድ ነው፤ የትኛው ነው እውነቱ? ደንበኛ እያጣሁ ነው፤ ይህን ዕቃ አልቀበልም።» መልእክቱ ሳይላክ፣ የጉምሩክ ሥራውን ለሚያስፈጽምለት ትራንዚተር ታየ። ትራንዚተሩም እንዲቆይ መከረ። ምክንያቱም መልእክቱ እንደተጻፈ ቢሄድ አቅራቢው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉት ነበር፤ ባርኮድ የተሠራበትን አገር አይናገርም ብለው። ይህን ቢሉ ደግሞ ትክክል ናቸው። ጥያቄው ያለቀ ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው እውነተኛ ችግር ግን ሳይነካ ይቀራል።

በባርኮድ ላይ ያለው 13 አኃዝ ቁጥር እንዴት እንደሚነበብ እዚህ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የባርኮድ ቁጥሮችን የሚያስተዳድረው GS1 የሚባል ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲሆን በየአገሩ አባል ቢሮዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ቢሮ የመነሻ ቁጥር ተመድቦለታል፦ ለቻይና ከ690 እስከ 699፣ ለሕንድ 890፣ ለኤምሬቶች 629፣ ለቱርክ 868 እና 869፣ ለጀርመን ከ400 እስከ 440። አንድ ኩባንያ ባርኮድ ሲፈልግ ወደ አንዱ ቢሮ ሄዶ ይመዘገባል፣ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላል፣ ቢሮውም የራሱን መነሻ ከፊት ያደረገ የኩባንያ ቁጥር ይሰጠዋል። ስለዚህ 629 የሚለን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የንግድ ምልክቱ ባለቤት ቁጥሩን የወሰደው ከኤምሬቶቹ ቢሮ ነው። ፋብሪካው ሕንድ ይሁን ቻይና ወይም ቬትናም፣ ቁጥሩ አያውቅም። ይኸው ባለቤት አንዱን ዕቃ በሁለት አገር በሚገኙ ሁለት ፋብሪካዎች ቢያሠራ እንኳ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊለጥፉ ይችላሉ፤ ቁጥሩ የሚለየው የሚሸጠውን ዕቃ እንጂ የፋብሪካውን በር አይደለምና።

ለሐረር ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። የሐረር ቡና ሃምቡርግ ውስጥ ተቆልቶ በጀርመን ቡና ቆዪ ኩባንያ ከረጢት ሲሸጥ፣ ባርኮዱ ከ400 እስከ 440 ባለው በአንዱ ቢጀምር የሚያስገርም ነገር የለውም። ፍሬው የበቀለው እዚሁ መሬት ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያስመዘገበው ግን የጀርመኑ ቡና ቆዪ ነው።

የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝ ማረጋገጫ ነው። ለማስተማሪያ የሚጠቀሰውን 6291041500213 እንውሰድ። ከግራ ጀምሮ ከ12ቱ አኃዞች በጎዶሎ ተራ ያሉትን መደመር፦ 6+9+0+1+0+2 = 18። በሙሉ ተራ ያሉትን መደመርና በ3 ማባዛት፦ 2+1+4+5+0+1 = 13፣ በ3 ሲባዛ 39። ድምሩ 57 ነው፤ ወደሚቀጥለው አሥር፣ ማለትም ወደ 60 ለመድረስ 3 ይጎድላል፤ የመጨረሻው አኃዝም 3 ነው። ሒሳቡ ካልገጠመ ቁጥሩ በስህተት ታትሟል ወይም እንዲያው የተፈጠረ ነው። ከገጠመ ግን የሚያሳየው ቁጥሩ በሥርዓቱ መጻፉን ብቻ ነው። ቁጥር የሚሰርቅ ሰው እውነተኛ ቁጥር ነው የሚሰርቀው፤ የእሱም ሒሳብ ይገጥማል።

በትልቁ ካርቶን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ ብዙ ጊዜ 14 አኃዝ ነው የሚታተመው፣ ከፊቱም የማሸጊያውን ደረጃ የሚያሳይ አንድ አኃዝ ይጨመራል። የላይኛው የማስተማሪያ ቁጥር በካርቶን ላይ 16291041500210 ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አኃዞች «162» ብሎ አንብቦ በዝርዝሩ ውስጥ የሚፈልግ ሰው ጨርሶ ወደማይገናኝ መደምደሚያ ይሄዳል። መነሻው የሚቆጠረው ከሁለተኛው አኃዝ ነው። መጨረሻው ላይ 3 የነበረው 0 የሆነውም ማረጋገጫው ከአዲሱ አኃዝ ጋር እንደገና ስለተሰላ ነው።

ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። Verified by GS1 በሚባለው የድርጅቱ ገጽ ላይ 13ቱን አኃዞች ማስገባት ይበቃል፤ ፈቃዱን የያዘው ኩባንያ ስም ይወጣል። ትራንዚተሩ የፔርሙዙን ቁጥር ሲያስገባ የወጣው በኢንቮይሱ ራስጌ ላይ ያለው የዱባይ ኩባንያ ስም ነበር። የሐረሩ ቅሬታ እዚህ ላይ ተፈታ፦ የንግድ ምልክቱ የዱባይ፣ ሥራው የሕንድ፤ በሁለቱ መካከል ግጭት የለም። የወጣው ስም ከሻጩም ከንግድ ምልክቱም ጋር የማይገናኝ የሌላ ኩባንያ ስም ቢሆን ኖሮ፣ ያኔ የተሰረቀ ቁጥር ነው ብሎ መጠርጠር ይገባ ነበር።

ታዲያ ለምን ደብዳቤ ተጻፈ? ባርኮዱን ለማየት ሲባል ከመጀመሪያው ጭነት የቀሩ ፍሬዎች ወጥተው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ነበርና፣ ትራንዚተሩ ባለ ግማሽ ሊትሩን የብረት ፔርሙዝ ገልብጦ መቀመጫውን አየ። ብረቱ ላይ፣ በጣት ሲዳሰስ በሚሰማ ጭረት፣ «ሜድ ኢን ቻይና» ተቀርጿል። ፔርሙዙ የወጣበት የወረቀት ሣጥን «ሜድ ኢን ኢንዲያ» ይላል። ባለ አንድ ሊትሩ ደግሞ ፕላስቲክ ነው፣ ውስጡ ብርጭቆ፤ ከታች ያለው ክዳን ሲፈታ በብርጭቆው ጫፍ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ከባርኮዱ በጣም የከበዱ ናቸው። ለሁለተኛው ጭነት በረቂቅ የመጣው የትውልድ አገር ምስክር ወረቀት ለ640ዎቹም ካርቶን «ሕንድ» ይል ነበርና።

የተላከው ደብዳቤ የሚከተለው ነው።

«ይድረስ ለተከበሩ ሀጂ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ስለ ሁለተኛው የፔርሙዝ ትዕዛዝ፣ ሰነዱ ለባንክ ከመግባቱ በፊት ግልጽ እንዲሆንልን የምንፈልገው ነገር ስላለ ነው የምንጽፍልዎ።

በማሸጊያው ላይ ያለው ባርኮድ በ629 ይጀምራል፣ ጽሑፉ ግን ሜድ ኢን ኢንዲያ ይላል። ባርኮዱ የተመዘገበበትን እንጂ የተሠራበትን አገር እንደማያሳይ እናውቃለን፤ ደንበኞቻችን ግን ስለሚጠይቁን ቁጥሩ በማን ስም እንደተመዘገበ በጽሑፍ ያረጋግጡልን፤ የምዝገባ ወረቀቱን ቅጂም ይላኩልን።

ዋናው ጥያቄያችን ስለ ዕቃው ነው። ከመጀመሪያው ጭነት ባለ ግማሽ ሊትሩ በመቀመጫው ላይ ሜድ ኢን ቻይና የሚል ቅርጽ አለው፣ ሣጥኑ ሕንድ ይላል። የባለ አንድ ሊትሩ የውስጥ ብርጭቆም የቻይና ወረቀት አለው። ፎቶዎቹ አብረው ተልከዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ይንገሩን፦ የትኛው ክፍል በየትኛው ፋብሪካ ተሠራ? የመጨረሻው ገጠማ የት ተከናወነ? ሣጥን ውስጥ የገባው የት ነው? የፋብሪካዎቹን ሙሉ አድራሻም ይጨምሩልን።

አሁን መጋዘን ካለው 640 ካርቶን ከሁለቱም ዓይነት አምስት አምስት ካርቶን አስከፍተው የፍሬውን መቀመጫ፣ የሣጥኑንና የካርቶኑን ጽሑፍ ፎቶ ያንሱልን። የካርቶኑ ተራ ቁጥር በፎቶው ላይ ይታይ።

መልስዎ እስኪደርሰን ኢንቮይሱ፣ ፓኪንግ ሊስቱና የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱ ለባንክ እንዳይገቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ለእርስዎም ለእኛም የሚሻለው አሁን ማስተካከል ነው።»

የደብዳቤው ብልሃት በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነው። ባርኮዱን ራሱ ጠያቂው አስቀድሞ አስረዳና ከመንገድ አወጣው። አቅራቢው «ባርኮድ አገር አይናገርም» ብለው የሚያመልጡበት በር ተዘጋ፣ ማንም ሳይከሰስ። «ከየት ነው የመጣው?» የሚል ጥያቄም በደብዳቤው የለም፤ እንዲያ ቢጠየቁ «ከዱባይ» የሚል እውነተኛ ግን የማይጠቅም መልስ ይሰጡ ነበር። የተጠየቀው የትኛው ሥራ የት እንደተሠራ ነው። የካርቶኑ ተራ ቁጥር በፎቶው ላይ እንዲታይ መጠየቁም ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም፤ ከሌላ ጭነት የተነሳ አሮጌ ፎቶ እንዳይላክ ያደርጋል።

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ፣ ሐቀኛ መልስም ነበር። ባለ አንድ ሊትሩን ሕንድ ያለው ፋብሪካ ነው የሚሠራው፦ የፕላስቲኩን አካል፣ ክዳኑንና እጀታውን እዚያው ይቀርጻል፣ የውስጡን ብርጭቆ ከቻይና ገዝቶ ይገጥማል፣ ሙቀት መያዙን ይፈትሻል፣ ያሽጋል። ባለ ግማሽ ሊትሩ የብረት ፔርሙዝ ግን ቀድሞ ሕንድ ይሠራ የነበረ ቢሆንም ፋብሪካው ማምረት አቁሟል። አቅራቢው ተመሳሳዩን ከቻይና አልቆ የተሠራ ገዝተው፣ ከቀድሞው የተረፈውን የታተመ ሣጥን ዱባይ መጋዘን ውስጥ አልብሰውታል። ምስክር ወረቀቱን ያስጻፈው ሠራተኛ ደግሞ ሣጥኑን አይቶ ሁሉንም «ሕንድ» ብሎ ሞላ።

ሁለቱም ዓይነት ውስጣቸው የቻይና ነገር አለ፤ የሚሰጣቸው ትውልድ አገር ግን የተለያየ ነው። በጉምሩክ ዓለም ብዙ አገር የነካው ዕቃ ትውልዱ የሚቆጠረው የመጨረሻው መሠረታዊ ለውጥ ከተደረገበት አገር ነው። ለውጡ መሠረታዊ መሆኑን ከሚያሳዩ መለኪያዎች አንዱ የታሪፍ አንቀጹ፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበት ቁጥር፣ መቀየሩ ነው። ለፔርሙዝ የሚሆን ብርጭቆ ለብቻው ሲመጣ በ7020 ሥር ነው የሚመደበው፤ አካል ለብሶ፣ ተገጥሞ፣ ያለቀ ፔርሙዝ ሲሆን 9617 ይሆናል። ሕንድ የገባው ብርጭቆ ነበር፣ የወጣው ፔርሙዝ ነው። ስለዚህ ባለ አንድ ሊትሩ ላይ «ሕንድ» መባሉ ተገቢ ነው፤ በብርጭቆው ላይ ያለው የቻይና ወረቀት አያፈርሰውም። ባለ ግማሽ ሊትሩ ግን ዱባይ ሲገባም 9617 ነበር፣ ሲወጣም 9617 ነው። በመካከል የተደረገለት ሣጥን ማልበስ ብቻ ነው። ማሸግ፣ መለያ መለጠፍ፣ መደርደር ወይም ከጭነት ጭነት ማዛወር ትውልድ አይቀይርም። ትውልዱ ቻይና ነው፤ የሣጥኑ ጽሑፍ ስህተት ነው፣ የምስክር ወረቀቱም እንዲሁ።

እዚህ ላይ አስመጪው አንድ ጥያቄ አነሳ። የሁለቱም አንቀጽ 9617 ከሆነና የቀረጥ ምጣኔውም አንድ ከሆነ፣ ሕንድም ተባለ ቻይና ምን ልዩነት ያመጣል? ልዩነቱ ከምጣኔው ሳይሆን ከዋጋው ነው። የጉምሩክ መሥሪያ ቤት የቀረበለትን ኢንቮይስ ካላመነ ቀድሞ ከገቡ ዕቃዎች ዋጋ ጋር ያስተያያል። በዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ስምምነት መሠረት ለማስተያየት የሚያገለግለው ዕቃ በዚያው አገር የተመረተ መሆን አለበት። የቻይናው ብረት ፔርሙዝ «ሕንድ» ተብሎ ከተመዘገበ ከማይመስለው ዕቃ ዋጋ ጋር ይተያያል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፈታሹ ካርቶን ከፍቶ ፍሬውን ሲገለብጥ የሚያየው ጭረት ከሰነዱ ጋር አይገጥምም፤ ያ በተሳሳተ መግለጫ የሚያስጠይቅ ነው። ዲክላራሲዮኑ ላይ የሚፈርመው አስመጪው ወይም ወኪሉ እንጂ ዱባይ ያሉት አቅራቢ አይደሉም።

ማስተካከያው እንዲህ ተሠራ። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ በሁለት መስመር ተከፈሉ፦ 400 ካርቶን ትውልዱ ሕንድ፣ 240 ካርቶን ትውልዱ ቻይና። የምስክር ወረቀቱም በዚያው ልክ በአዲስ ወጣ። ወረቀቱን የሰጠው የዱባይ ንግድ ምክር ቤት ሲሆን በውስጡ ሕንድና ቻይና ተጽፏል፤ ይህም ለባርኮዱ የተባለው ዓይነት ነገር ነው፤ ወረቀቱ የተሰጠበት ከተማና ዕቃው የተሠራበት አገር አንድ መሆን የለባቸውም። ቀድሞ በባንክ የጸደቀው የማስመጫ ፈቃድ ላይ የትውልድ አገር ተብሎ የተሞላው ሕንድ ብቻ ስለነበር፣ ሰነዱ ከመግባቱ በፊት አስመጪው ድሬዳዋ ባንኩ ዘንድ ሄዶ ቻይና እንዲጨመር አመለከተ። ይህ እርምጃ ቢረሳ የታረመው ሰነድ ራሱ ካልታረመው ፈቃድ ጋር ይጋጭ ነበር፤ አንዱን ወረቀት አርሞ ሌላውን መርሳት በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚያጋጥም ነው።

ሣጥኖቹን በተመለከተ አቅራቢው በመጀመሪያ ያሰቡት በ240ው ካርቶን ውጭ ብቻ ተለጣፊ ማድረግ ነበር። ተቀባይነት አላገኘም። ሐረር ያለው ደንበኛ የሚያየው ሣጥኑን እንጂ ካርቶኑን አይደለም። 5,760ውም ሣጥን ላይ የቀድሞውን ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ሲነሳ ወረቀቱን የሚቀድ ተለጣፊ ተለጠፈ። ባርኮዱ እንዳይሸፈን ቦታው ተለክቶ ነበር፤ ከባርኮዱ ግራና ቀኝ ያለው ባዶ ነጭ ቦታ ሲነካም ማንበቢያው መሣሪያ ቁጥሩን መያዝ ያቅተዋል። ቁጥሩ ራሱ አልተቀየረም፤ መቀየርም አላስፈለገውም። የሠራተኛውን ወጪ የቻሉት አቅራቢው ናቸው፣ መርከቡ ግን አንድ ሳምንት ዘገየ።

መጀመሪያ ገብቶ ከነበረው ጭነት የቀሩት የብረት ፔርሙዞች የከበደ ጉዳይ ሆኑ፤ እነሱ «ሕንድ» ተብለው ቀረጥ ተከፍሎባቸዋል። አስመጪው ከትራንዚተሩ ጋር ሆኖ ስህተቱን ለጉምሩክ በጽሑፍ ራሱ አሳወቀ፤ የአቅራቢውን መልስና ፎቶዎቹን አያያዘ። መሥሪያ ቤቱ በፍተሻ ሲደርስበት ከመጠበቅ ይልቅ አስቀድሞ ማመልከት ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ደፍሮ የሚያደርገው ነጋዴ ግን ብዙ አይደለም።

ለሐረሩ ቸርቻሪ ሁለት ነገር ተላከለት። ለባለ አንድ ሊትሩ የባርኮዱ ምዝገባ ቅጂና «ቁጥሩ የባለ ምልክቱ ነው፣ ጽሑፉ የፋብሪካው ነው» የሚል አጭር ማብራሪያ። ለብረቱ ደግሞ ሣጥኑ ስህተት እንደነበረ፣ ዕቃው የቻይና እንደሆነና መመለስ ከፈለገ እንደሚቀበሉት። ባለ አንድ ሊትሩን አስቀረ፤ ከብረቶቹ 14ቱን መለሰ።

ሁለተኛው ጭነት ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ሲደርስ ከእያንዳንዱ ዓይነት ስድስት ካርቶን ተከፍቶ ታየ። በመጀመሪያ የፍሬው መቀመጫ፣ ቀጥሎ ሣጥኑ፣ ከዚያ ካርቶኑ፣ በመጨረሻ በእጅ ያለው የምስክር ወረቀት መስመር ተነበበ። አራቱም ገጠሙ። ባርኮዱ እንደነበረው በ629 ይጀምር ነበር።